ከተቀዳ ቃለ መጠይቅ ዜና ማውጣት፦ የተሰጠውን ቃል ከወግ ቃል የመለየት አሠራር

ቃለ መጠይቅ ቀድተው የሚመጡ አዳዲስ ዘጋቢዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ሰውዬው ይህን ብለዋል፤ ቅጂው ላይም አለ፤ ታዲያ ልጽፈው እችላለሁ?» ይላሉ። ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀውበታል። የመጀመሪያው ይህን ቃል ለሕዝብ ለማውጣት ከተናጋሪው ጋር ምን ስምምነት አለን የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተናጋሪው ይህን ሲሉ እውነት ነው ብለው በኃላፊነት የሰጡት ቃል ነው ወይስ በወግ መካከል የወረወሩት የሚል ነው። ለማውጣት የተፈቀደ ቃል ክብደት የሌለው ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ እጅግ ከባድ የሆነ ቃል ደግሞ እንዳይወጣ የተስማማንበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ያስመልስዎታል።

ነገሩ በተግባር እንዲታይ ለምሳሌ ብቻ ያዘጋጀሁትን አንድ ቃለ መጠይቅ እስከ መጨረሻው እከተላለሁ። ተጠያቂው የአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት ኃላፊ ናቸው፤ ርእሰ ጉዳዩ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል የተቋረጠው ውኃ ነው፤ ቅጂው 41 ደቂቃ ይረዝማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው የድምፅ ፋይልና አንድ ግልባጩ። ሥራው ሁሉ የሚካሄደው በግልባጩ ላይ ነው።
- ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ። በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ የሚጠፋ ሳቅ ወይም ማንሾካሾክ በማዳመጫ ይሰማል።
- ፍጥነት መቀነስና ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ መመለስ የሚችል ማጫወቻ።
- በቃለ መጠይቁ ጊዜ በእጅ የያዙት ማስታወሻ።
- አምስት ዓምዶች ያሉት ሰንጠረዥ፦ ደቂቃ፣ ቃሉ እንደተነገረ፣ ፈቃድ፣ ክብደት፣ የሚቀር ሥራ።
- ጊዜ። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቅጂን በጥንቃቄ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ ማጠቃለሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሠራሩ

1. ማዳመጥ ከመጀመርዎ በፊት ስምምነቱን ከትዝታዎ ይጻፉ።

ቅጂውን ሳይከፍቱ በአንድ ገጽ ላይ የሚከተሉትን ያስፍሩ። ቀጠሮው ሲያዝ ምን ተባለ? መቅጃው ሲከፈት ተናጋሪው አይተዋል? በስም እንደሚጠቀሱ ነግረዋቸዋል? በመካከል «ይህ አይጻፍ» ያሉበት ቦታ ትዝ ይልዎታል? ይህን አስቀድሞ መጻፍ የሚያስፈልገው፣ አንድ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ከሰማን በኋላ ስምምነቱን ለራሳችን በሚመች መንገድ ማስታወስ ስለምንጀምር ነው። እኔ ራሴ ይህ ደርሶብኝ ያውቃል፤ ሰውዬው ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁኝን ቦታ የደረስኩበት የማስታወሻ ደብተሬን ሳገላብጥ እንጂ ቅጂውን ስሰማ አልነበረም፤ ጥያቄው የቀረበው መቅጃው ከመከፈቱ በፊት በስልክ ነበርና።

2. አንድ ጊዜ ምንም ሳይጽፉ እስከ መጨረሻው ያድምጡ።

ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ መቅጃው መዘጋት ድረስ ሁሉንም ይስሙ። የዚህ ዙር ዓላማ የሰውዬውን አነጋገር መላመድ ነው። አንዳንድ ሰው ሲቀልድ ድምፁ አይለወጥም፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚያምንበትን ሁሉ «መሰለኝ» እያለ ይናገራል። ይህን ያላወቀ ሰው የመጀመሪያውን ቀልድ ዜና፣ የሁለተኛውን እምነት ግምት ያደርገዋል። የሰውዬው ልማድ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ደቂቃ ሲሰሙ እንጂ አንዲቱን ዐረፍተ ነገር ነጥለው ሲያዳምጡ አይደለም።

3. ለዜናው የሚሆኑትን ቦታዎች ከነማመንታታቸው ይገልብጡ።

በሁለተኛው ዙር ለዜናው የሚጠቅመውን እያንዳንዱን ክፍል ከደቂቃው ጋር ወደ ሰንጠረዡ ያስገቡ። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ የሚጠቀሙ ከሆነ በዊንዶውስና በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ `[` ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ `]` ይጨምራል፣ `Shift` እና የግራ ቀስት አብረው ሲጫኑ ደግሞ ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳሉ።

በዚህ ደረጃ የሚከተሉት እንዳይቀሩ ይጠንቀቁ፦ የእርስዎ ጥያቄ በሙሉ ቃሉ፤ ሳቅ፣ ረጅም ዝምታና መቃተት በቅንፍ፤ «ገደማ»፣ «ያህል»፣ «ምናልባት»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይባላል» የሚሉት ቃላት፤ እንዲሁም ተናጋሪው ራሳቸውን ያረሙበት ቦታ። ስንገለብጥ እጃችን በመጀመሪያ የሚያስቀረው እነዚህን ነው፤ ምክንያቱም ዐረፍተ ነገሩን ያንዛዙታል። ይሁን እንጂ አንድ ቃል የተሰጠ ነው ወይስ የወግ የሚለውን የሚወስኑት በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። «ሦስት ሳምንት» እና «ሦስት ሳምንት ገደማ» በዜና ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከምሳሌው ቅጂ ወደ ሰንጠረዡ የገቡት ስምንት ቦታዎች እነሆ።

- 02፡10 (ጥያቄ ሳይጀመር፣ መቅጃው ተከፍቶ) «ተቋራጮቹማ ሌቦች ናቸው እኮ!» (ሳቅ)
- 04፡12 «የተቋረጠው ከሰኞ ጀምሮ ነው። ዋናው መሥመር በሁለት ቦታ ተሰብሯል።»
- 11፡30 «ጥገናው ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። መለዋወጫው በጊዜ ከደረሰ ነው ታዲያ።»
- 18፡05 ጥያቄ፦ «እንግዲያው በጀቱ ባክኗል ማለት ይቻላል?» መልስ፦ «እምም… አዎ፣ እንደዚያም ሊባል ይችላል። (ዝምታ) ግን እኔ ባክኗል አልልም፤ ዘግይቷል ነው የምለው።»
- 23፡50 «ውኃው ተበክሏል የሚባለውን ሰምቻለሁ። እኛ ናሙና ወስደን ምንም አላገኘንም።»
- 31፡16 «ይህን ግን አይጻፉት። ቧንቧዎቹ መለወጥ የነበረባቸው ከአራት ዓመት በፊት ነው።» (ጠያቂው ዝም ይላል)
- 36፡40 «ግምጃ ቤታችን ውስጥ አንድም መለዋወጫ የለም። … ይህ እንኳ ባይጻፍ ይሻላል።»
- 40፡02 («አመሰግናለሁ፣ ጨርሰናል» ከተባለ በኋላ) «በዚህ አያያዛችን ክረምቱንም አንሻገረው!» (ሳቅ)

4. የፈቃዱን ዓምድ ብቻ ይሙሉ።

አሁን ስለ ቃሉ ክብደት አያስቡ፤ የሚጠይቁት ይህን ከስማቸው ጋር ማውጣት ይቻላል ወይ ብቻ ነው። የሚጽፉት ምልክት ሦስት ነው፦ ይወጣል፣ አይወጣም፣ አልተለየም።

መነሻው ደንብ ቀላል ነው። ተናጋሪው ከጋዜጠኛ ጋር እየተነጋገሩ መሆኑን ካወቁና መቅጃውን ካዩ፣ የተናገሩት ሁሉ ከስማቸው ጋር ሊወጣ ይችላል። ለኅትመት አይውልም፣ ማለትም «ኦፍ ዘ ሪከርድ» ነው የሚባለው ሁለቱም ወገኖች ቃሉ ከመነገሩ በፊት ሲስማሙ ነው። አንድ ወገን ብቻውን አያውጀውም፤ ወደ ኋላም አይሠራም።

ደንቡ ቀላል ቢሆንም ቅጂው አልፎ አልፎ አስቸጋሪ ነገር ያመጣል፤ በምሳሌያችን 31፡16 እና 36፡40 ላይ ያሉት ሁለቱ ተመሳሳይ የሚመስሉ ጥያቄዎች ፍርዳቸው ይለያያል። 31፡16 ላይ ኃላፊው የጠየቁት ከመናገራቸው በፊት ነው፤ ጠያቂው ግን እሺም እንቢም አላለም። ይህ ዝምታ ለጠያቂው «አልተስማማሁም» ሊመስለው ይችላል፤ ለተናጋሪው ግን እሺታ ነው፤ የተናገሩትም ይህንኑ ተማምነው ነው። ስለዚህ ምልክቱ «አልተለየም» ይሆናል፤ እስኪጣራ ድረስም እንደማይወጣ ይቆጠራል። በቃለ መጠይቁ ጊዜ ማለት የነበረብዎ «ቆይ፣ ከመናገርዎ በፊት እንስማማ» ነበር።

36፡40 ላይ ግን ቃሉ ተነግሮ ካለቀ በኋላ ነው ይቅር የተባለው። ተናጋሪው ዘወትር መግለጫ የሚሰጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለሆኑ ደንቡን ያውቁታል ተብሎ ይታሰባል፤ ቃሉም ይወጣል። ሆኖም ይህን ውሳኔ ለብቻዎ አይውሰዱት፤ አርታኢዎ ቅጂውን ሰምተው ይወስኑ። ተናጋሪው ከጋዜጠኛ ጋር ተነጋግረው የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ ለምሳሌ ቤቷ ውኃ የተቋረጠባት እናት ወይም የጥበቃ ሠራተኛ፣ እኔ በበኩሌ ጥያቄያቸውን እቀበል ነበር። ደንቡን የማያውቅን ሰው በደንቡ መያዝ አግባብ አይደለምና።

02፡10 እና 40፡02 ላይ ያሉት ከመደበኛው ጥያቄና መልስ ውጭ የተነገሩ ናቸው። የመጀመሪያው መቅጃው ተከፍቶ ስለተባለ በደንቡ መሠረት ይወጣል። ሁለተኛው ግን «ጨርሰናል» ካልን በኋላ የመጣ ነው፤ ይህን ቃል ስንል ቃለ መጠይቁን ዘግተነዋል፤ ስለዚህ «አልተለየም» ብለው ይጻፉ። «ጨርሰናል» ከማለት ይልቅ «መቅጃውን እየዘጋሁ ነው» ብሎ በዚያው ቅጽበት መዝጋት ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀረዋል።

5. የክብደቱን ዓምድ ይሙሉ።

አሁን ደግሞ ፈቃዱን ይርሱትና እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ይመዝኑ። የሚጠይቁት «ነገ ይህን ቃል አንብቤ ብጠይቃቸው በቦታው ይቆሙለታል?» የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ።

አንደኛው እንዴት እንዳወቁት ነው። 04፡12 ላይ የተነገረው በቀጥታ በሥራ ኃላፊነታቸው የሚያውቁት ነገር ነው፤ የተሰጠ ቃል ብለው ይጻፉ። 23፡50 ላይ ግን በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። «ተበክሏል የሚባለውን ሰምቻለሁ» የሚለው ወሬ መኖሩን እንጂ ብክለት መኖሩን አይናገርም። «ናሙና ወስደን ምንም አላገኘንም» የሚለው ደግሞ የተሰጠ ቃል ነው፤ ግን «እኛ» ማን ነው? መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ያሠራው ሌላ ቤተ ሙከራ ነው? «ምንም» ሲሉስ ምን ተፈልጎ ነው ያልተገኘው? ሰንጠረዡ ላይ ይህን ቦታ ለሁለት ይክፈሉት፤ ሁለቱን በአንድ መሥመር ያስቀመጠ ሰው ሲያጠቃልል አንዱን በሌላው ላይ ያፈሰዋል።

ሁለተኛው ቃሉ የማን ነው የሚለው ነው። 18፡05 ላይ «ባክኗል» የሚለውን ቃል ያመጣው ጠያቂው ነው። ኃላፊው «አዎ» ብለዋል፤ ነገር ግን በዚያው መልስ ውስጥ ራሳቸውን አርመዋል። ከዚህ ቦታ «በጀቱ መባከኑን ኃላፊው አመኑ» የሚል ዐረፍተ ነገር ማውጣት የጠያቂውን ቃል በተጠያቂው አፍ ማስገባት ነው። መልሱ ሙሉ የሚሆነው ከእርማቱ ጋር ነው፤ ክብደት ያለውም የመጨረሻው ክፍል ነው። ለሚመሩ ጥያቄዎች የተሰጠን «አዎ» ሁሉ በተለየ ቀለም እንዲያሠምሩበት እመክራለሁ፤ በእኔ ልምድ እርማት ከሚያስከትሉ ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚወለዱት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የአነጋገሩ ሁኔታ ነው፤ ሳቅ፣ ማጋነን፣ ስም የለሽ ጅምላ ክስ። «ተቋራጮቹማ ሌቦች ናቸው እኮ» የሚለው የትኛው ተቋራጭ፣ ምን ሰርቆ፣ መቼ የሚሉትን አንዱንም አይመልስም፤ በሳቅም ተዘግቷል። ፈቃዱ «ይወጣል» ቢልም ክብደቱ «የወግ ቃል» ነው። ለዜናው አይገባም ማለት ግን ይጣላል ማለት አይደለም። የወግ ቃል ብዙ ጊዜ የጥቆማ ዋጋ አለው፤ በአምስተኛው ዓምድ ውስጥ «ስለ ተቋራጮቹ በግልጽ ይጠየቁ» ብለው ይጻፉ። በቁም ነገር ሲጠየቁ የሚደግሙት ከሆነ ያን ጊዜ የተሰጠ ቃል ይሆናል፤ የማይደግሙት ከሆነም መልስዎን አግኝተዋል።

11፡30 ላይ ያለው ግምት ነው፤ ግምትም የተሰጠ ቃል ነው፤ ነገር ግን ከ«ገደማ» እና ከ«በጊዜ ከደረሰ» ጋር አብሮ ብቻ ነው የሚቆመው። 31፡16 እና 36፡40 የተሰጡ ቃላት ናቸው፤ ተናጋሪው ነገሩን ያውቁታል፣ በቁም ነገርም ተናግረውታል። እንዳይጻፍ መፈለጋቸው ክብደቱን አይቀንሰውም። 40፡02 የምሬት ቀልድ ነው።

6. ሁለቱን ዓምዶች አጋጥመው ይደውሉ።

«ይወጣል» እና «የተሰጠ ቃል» የተገናኙበት መሥመር ወደ ዜናው ይገባል። የቀሩት በአምስተኛው ዓምድ ውስጥ ጥያቄ ሆነው ይጠብቃሉ። ስልክ ሲደውሉ ረቂቁን በሙሉ አያንብቡላቸው፤ እንዲህ ካደረጉ ተናጋሪው አርታኢ ይሆናሉ። የሚያነቡላቸው የተጠራጠሩበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ጥያቄዎም «ይህን ልተወው?» ሳይሆን «በትክክል ተረድቼዋለሁ?» ይሁን።

በምሳሌያችን ውስጥ ጥሪው ይህን አመጣ እንበል። ናሙናውን የወሰዱት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው፤ የተወሰደው ረቡዕ ዕለት ከሁለት ቦታ ነው፤ የተፈለገውም ባክቴሪያ ነው። ስለ መለዋወጫው «ግዢ ላይ ነው፤ ይህን ጨምረው ይጻፉት» አሉ። ስለ ተቋራጮቹ «ኧረ ጨዋታ ነበር» አሉ። ስለ ቧንቧዎቹ ዕድሜ ግን «እሱን አይጻፉ ብዬዎት ነበር» አሉ።

የመጨረሻው መልስ በሩን ይዘጋል፤ ቃሉ በስማቸውም ሆነ «አንድ የመሥሪያ ቤቱ ምንጭ» በሚል ሽፋን አይወጣም። ነገር ግን መሥመሩ የተዘረጋበትን ዓመትና የአገልግሎት ዘመኑን የሚያሳይ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ውስጥ ካለ፣ ያንን ፈልጎ በራሱ ማስረጃነት መጻፍ ብዙ የዜና ክፍሎች የሚፈቅዱት ነው። አንዳንድ ተናጋሪ ግን «አይጻፍ» ሲል «ከሌላም አይጠየቅ» ማለቱ ነው፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ በዚሁ ጥሪ ላይ ይጠይቁ።

7. ማጠቃለያውን ይጻፉ፤ ማሰሪያ አንቀጹን ይምረጡ።

ቅደም ተከተሉ የቅጂው ሳይሆን የዜናው ነው፤ አንባቢ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ይቀድማል። በተለያየ ደቂቃ የተነገሩ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ግን በአንድ ጥቅስ ምልክት ውስጥ አያጣምሩ።

በአማርኛ ለዜና ማጠቃለያ ትልቁ አደጋ ያለው በማሰሪያው ላይ ነው። «መሥመሩ መሰበሩን ገለጹ» ስንል መሰበሩን እኛም እውነት አድርገን ተቀብለነዋል፤ ኃላፊው የገለጹት ያለን ነገር ነውና። «መሥመሩ ተሰብሯል ብለዋል» ስንል ግን ቃሉ በተናጋሪው ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ እርስዎ በሌላ መንገድ ላላረጋገጡት ነገር «ብለዋል»፣ «ሲሉ ተናግረዋል» ወይም «እንደ ኃላፊው ገለጻ» የሚሉትን ይጠቀሙ፤ «መሆኑን ገለጹ» እና «መሆኑን አስታወቁ» ለተረጋገጠ ነገር ይቀመጡ። «አረጋገጡ» ሌላ ማስረጃ ያለ ያስመስላል። «አመኑ» ደግሞ ቀደም ብሎ የቀረበ ክስ እንዳለና ተናጋሪው እንደተሸነፉ ይናገራል፤ ሳይገባው ከገባ አንድን ተራ መልስ ወደ ኑዛዜ ይለውጠዋል።

ሌላው የአማርኛ ጠባይ «አለ» የሚለው ግሥ የተናጋሪውን ቃል በመጀመሪያ መደብ እንዳለ መሸከሙ ነው። «እኔ አላውቅም ብለዋል» የሚለውን ያለ ጥቅስ ምልክት ያነበበ ሰው ቃል በቃል ነው ወይስ በዘጋቢው የተጠቃለለ ነው የሚለውን ሊለይ አይችልም። ቃል በቃል ከሆነ ምልክቱን ያድርጉ፤ ካልሆነ ወደ ሦስተኛ መደብ ይመልሱት፦ «እንደማያውቁ ተናግረዋል።»

የምሳሌያችን ማጠቃለያ እንዲህ ወጣ፦

«በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ከሰኞ ጀምሮ ውኃ የተቋረጠው ዋናው መሥመር በሁለት ቦታ ስለተሰበረ ነው ሲሉ የከተማዋ የውኃ አገልግሎት ኃላፊ ተናገሩ። ጥገናው ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል ብለው የሚገምቱት ኃላፊው፣ ይህ የሚሆነው ግን መለዋወጫው በጊዜ ከደረሰ ነው ብለዋል። በአሁኑ ጊዜ በግምጃ ቤታቸው አንድም መለዋወጫ እንደሌለና በግዢ ላይ እንደሆነም ተናግረዋል። በጀቱ ባክኗል ማለት ይቻል እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በመጀመሪያ እንደዚያም ሊባል ይችላል ካሉ በኋላ፣ ‹እኔ ባክኗል አልልም፤ ዘግይቷል ነው የምለው› ብለዋል። ውኃው ተበክሏል በሚል በነዋሪዎች ዘንድ የሚነገረውን መስማታቸውን የጠቀሱት ኃላፊው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ረቡዕ ዕለት ከሁለት ቦታ ናሙና ወስደው ባክቴሪያ አላገኙም ብለዋል።»

8. ማጠቃለያውን ይዘው ወደ ቅጂው ይመለሱ።

እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከደቂቃው ጋር እያስተያዩ ያንብቡ፤ ከሰንጠረዡ ጋር ሳይሆን ከድምፁ ጋር ያስተያዩት፤ ሰንጠረዡ ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላልና። ከላይ ባለው ማጠቃለያ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ፤ አንዱን አስተውለውት ይሆናል። ኃላፊው 23፡50 ላይ ያሉት «የሚባለውን ሰምቻለሁ» ነው፤ «በነዋሪዎች ዘንድ» የሚለው ከእኛ የተጨመረ ነው። ወሬውን የሰሙት ከነዋሪ ይሁን ከገዛ ሠራተኛቸው አናውቅም፤ ስለዚህ ሐረጉ ይሰረዛል። ሁለተኛው 04፡12 ላይ ነው፦ ኃላፊው «ከሰኞ ጀምሮ ነው» እና «ተሰብሯል» አሉ እንጂ «ስለተሰበረ ነው የተቋረጠው» አላሉም። ምክንያቱን ያያያዘው እጃችን ነው። ግንኙነቱ ግልጽ ይመስላል፤ ቢሆንም መሥመሩ የተሰበረው ውኃው ከተቋረጠ በኋላ ሊሆን ይችላል። ወይ ደውለው ይጠይቁ፣ ወይ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ሳያያይዙ ያስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ

ሰውን ሳያስታውቁ መቅዳት በአንዳንድ አገሮች በሕግ ያስቀጣል፤ በሌሎች ደግሞ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ብቻ ይበቃል። የሚሠሩበትን አገር ሕግ ከመቅዳትዎ በፊት ይወቁ፤ ሕጉ ቢፈቅድም እንኳ መቅጃውን ያሳዩ፣ ፈቃዳቸውንም በቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ያስገቡ።

አንድን ሰው በስም የሚጠራ ወይም በቀላሉ እንዲታወቅ የሚያደርግ ክስ፣ በቅጂ የተያዘ የሌላ ሰው ቃል ቢሆንም፣ ያወጣውን ሰው ሊያስጠይቅ ይችላል። «እኔ አላልኩም፣ እሳቸው ናቸው» የሚለው በብዙ ቦታ መከላከያ አይሆንም። እንዲህ ያለውን መሥመር ከአርታኢ ጋር ሳይነጋገሩ አያስገቡ፤ ለተከሰሰውም ወገን መልስ የመስጠት ዕድል ይስጡ።

«አይወጣም» የሚል ምልክት ያለበትን ሰንጠረዥ ለባልደረባ ሲያስተላልፉ እነዚያን መሥመሮች አስቀድመው ያውጡ። ምልክቱ ለእርስዎ ግልጽ ቢሆንም በሌሊት ተረኛው እጅ ሲገባ ዓምዱ ሊታለፍ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ከሁሉ የሚበዛው «አይጻፍ» የተባለውን ከቅጂው ላይ ቆርጦ መጣል ነው። ዋናው ፋይል ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ተናጋሪው በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ወይም «ይህን ከልክዬ ነበር» ቢሉ ሁለቱንም የሚያሳየው ያልተቆረጠው ቅጂ ብቻ ነው።

ሌላው «አምና»፣ «ባለፈው ሳምንት»፣ «ሰሞኑን» የሚሉትን እንዳሉ መገልበጥ ነው። ሰውዬው የቆጠሩት ከተናገሩበት ቀን ነው፤ ዜናው የሚነበበው በሌላ ቀን ነው። የተቀዳበትን ቀን በሰንጠረዡ ራስ ላይ ይጻፉና ወደ ቀን ይመንዝሩት፤ መመንዘር ካልቻሉ በጥሪው ላይ ይጠይቁ።

ሦስተኛው የቃል አነጋገርን በጥቅስ ውስጥ ማሳመር ነው። «እምም»ን እና የተደጋገመ ቃልን ማውጣት ይቻላል፤ ግሡን መለወጥ፣ «ሊባል ይችላል» የሚለውን «ነው» ማድረግ ግን አይቻልም። ዐረፍተ ነገሩ እንዳለ ለመጥቀስ የማይመች ከሆነ የጥቅስ ምልክቱን አንሥተው በራስዎ ቃል ያጠቃልሉት።

የመጨረሻው የወግ ቃልን ለማስገባት ሲባል «እየሳቁ እንደተናገሩት» የሚል ሐረግ መጨመር ነው። ጨዋታ መሆኑን ስለተናገርን ኃላፊነቱን የተወጣን ይመስለናል፤ አንባቢው ግን ይዞት የሚሄደው «ሌቦች» የሚለውን ቃል ነው፣ ሳቁን አይደለም።